ሥዕሉ ምስክር አይሆንም

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦሜትሪ የሚማር ልጅ ያላቸው ወላጆች ይህን የመልመጃ ወረቀት ሳያዩት አይቀሩም። ከላይ አንድ ሥዕል አለ። ከሥሩ የተሰጠው መረጃና የሚረጋገጠው ነገር ተጽፏል፤ ከዚያ በታች ለሁለት የተከፈለ ሠንጠረዥ ይከተላል። ተማሪው በግራው ዓምድ ሐሳቡን፣ በቀኙ ደግሞ ያንን ለማለት ያበቃውን ምክንያት ይጽፋል። ብዙዎችን የሚያስቸግረው የቀኙ ዓምድ ነው።

አንድ ጥያቄ እንውሰድ። AC እና BD የተባሉ ሁለት ቀጥታ መስመሮች E ላይ ይቋረጣሉ። A ከ B፣ C ከ D ጋር ሲያያዙ E ላይ የሚገናኙ ሁለት ጎነ ሦስቶች ይወጣሉ። የተሰጠን ሁለት ነገር ነው፦ E የ AC አጋማሽ ነጥብ ነው፤ AB እና CD ደግሞ ትይዩ ናቸው። የሚረጋገጠው BE እና DE እኩል መሆናቸው ነው።

ሥዕሉን ያየ ሰው ሁለቱ እኩል እንደሆኑ ወዲያው ይታየዋል፤ ስሕተቱም የሚጀምረው እዚህ ነው። ተማሪው AE ከ CE፣ BE ከ DE ጋር እኩል ነው ብሎ ይጽፍና በመካከላቸው ያሉትን ማዕዘኖች ጨምሮ «ጎን–ማዕዘን–ጎን» በማለት ይደመድማል። ሠንጠረዡ ሞልቷል፤ ነገር ግን ምንም አልተረጋገጠም። ከሳሽ ለገዛ ክሱ ምስክር እንደማይሆን ሁሉ፣ ሊረጋገጥ የቀረበው ነገርም ለራሱ ምክንያት አይሆንም። በቀኙ ዓምድ የሚገባው የተሰጠው መረጃ፣ ትርጓሜ፣ ወይም አስቀድሞ የታወቀ ሕግ ብቻ ነው።

ትክክለኛው አሠራር ይህን ይመስላል፦

| | ሐሳብ | ምክንያት |
|---|---|---|
| 1 | E የ AC አጋማሽ ነው | የተሰጠ |
| 2 | AE ≅ CE | የአጋማሽ ነጥብ ትርጓሜ |
| 3 | AB ∥ CD | የተሰጠ |
| 4 | ∠A ≅ ∠C | ትይዩ መስመሮች በሌላ መስመር ሲቋረጡ፣ በመካከላቸው ከአቋራጩ ግራና ቀኝ የሚገኙት ተለዋጭ ማዕዘኖች እኩል ናቸው |
| 5 | ∠AEB ≅ ∠CED | ሁለት መስመሮች ሲቋረጡ ፊት ለፊት የሚተያዩ ማዕዘኖች እኩል ናቸው |
| 6 | △ABE ≅ △CDE | ማዕዘን–ጎን–ማዕዘን |
| 7 | BE ≅ DE | የተገጣጣሚ ጎነ ሦስቶች ተጓዳኝ ክፍሎች እኩል ናቸው |

ሁለተኛውን ረድፍ ልብ ይበሉ። ብዙ ተማሪዎች እዚህ «የተሰጠ» ብለው ይጽፉና ነጥብ ያጣሉ። የተሰጠን E አጋማሽ መሆኑ ነው፤ AE እና CE እኩል ናቸው የሚል አልተሰጠንም። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረን የአጋማሽ ነጥብ ትርጓሜ ነው።

በስድስተኛው ረድፍ የሕጉ ስም ከላይ ከተሰበሰበው መረጃ ጋር መግጠም አለበት። AE የሚገኘው A እና E ላይ ባሉት ማዕዘኖች መካከል ስለሆነ «ማዕዘን–ጎን–ማዕዘን» ትክክል ነው። በአራተኛው ረድፍ በ ∠A ፋንታ ∠B ከ ∠D ጋር እኩል ነው ብንል ማረጋገጫው አይፈርስም፤ ጎኑ ግን በሁለቱ ማዕዘኖች መካከል ስለማይሆን ስሙ «ማዕዘን–ማዕዘን–ጎን» ይሆናል። ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት ሁለቱንም በመጀመሪያው መጽሐፉ 26ኛ ድንጋጌ ላይ አብሮ አረጋግጧቸዋል።

የፊደላቱም ቅደም ተከተል ትርጉም አለው። △ABE ≅ △CDE ማለት A ከ C፣ B ከ D ይጣመራሉ፣ E ለሁለቱም የጋራ ነው ማለት ነው። በስሕተት △ABE ≅ △DCE ተብሎ ከተጻፈ BE የሚጣመረው ከ CE ጋር ይሆናል፤ ሰባተኛው ረድፍም የሚቆምበትን ያጣል።

ሰባተኛው ረድፍ አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎች «ሲፒሲቲሲ» እያሉ በምህፃር የሚጠሩት ሕግ ነው። ይህ ምክንያት ጎነ ሦስቶቹ ተገጣጣሚ መሆናቸው ከመረጋገጡ በፊት ሊጻፍ አይችልም። ከስድስተኛው ረድፍ በላይ ከታየ፣ ተማሪው የሚፈልገውን መልስ አስቀድሞ ተበድሯል ማለት ነው።

ሥራውን የት እንደምንጀምር ከጠፋን ከታች መነሣት ይጠቅማል። BE እና DE እኩል እንዲሆኑ የትኞቹ ጎነ ሦስቶች መገጣጠም አለባቸው? እነሱ እንዲገጣጠሙ የትኞቹ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ? ከተሰጠው መረጃስ የትኞቹን እናገኛለን? መልሱን ሥዕሉ ላይ በጭረትና በቅስት ምልክት ካደረግን በኋላ ወደ ሠንጠረዡ እንመለሳለን።

ተሠርቶ ሲያልቅ ደግሞ የተሰጡትን አንድ በአንድ መሰረዝ ነው። AB እና CD ትይዩ መሆናቸው ባይሰጠን አራተኛው ረድፍ ይወድቃል፤ ስድስተኛውና ሰባተኛውም ይከተሉታል። ትይዩነቱ ሲጎድል BE እና DE በእርግጥ ይበላለጣሉ፤ ስለዚህ መውደቁ ተገቢ ነው። ከተሰጡት አንዱን ሰርዘን አንድም ረድፍ ካልወደቀ ግን፣ ብዙውን ጊዜ ያ መረጃ ሊገባበት ይገባ የነበረውን ቦታ በዓይን ግምት ሞልተነዋልና ሠንጠረዡን እንደገና መመርመር አለብን።