«ደረጃ በደረጃ አስብ» ማለት መቼ ይጠቅማል?

ታኅሣሥ 25 ቀን 1975 ዓ.ም. የተወለደ ኢትዮጵያዊ በውጭ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ቅጽ ሲሞላ የልደት ቀኑን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መጻፍ ይኖርበታል። ቀኑ በአንዱ ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት፣ በሌላው ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ከተገኘ ማስረጃ የሚጠይቅ ጣጣ ይከተላል። ይህን ስሌት እንደ ቻትጂፒቲ ላሉ የቋንቋ ሞዴሎች የሚሰጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንድ ምክር ይሰማሉ። ምክሩ በጥያቄው መጨረሻ ላይ «ደረጃ በደረጃ አስብ» የሚል ቃል እንዲጨምሩ የሚል ነው።

ምክሩ መሠረት አለው፤ ይሁን እንጂ ለሁሉም ዓይነት ጥያቄ አይሠራም። በሒሳብና በሥነ አመክንዮ ላይ ውጤቱ ከፍተኛ ሲሆን በሌሎች ብዙ ጥያቄዎች ላይ ግን የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው። የልዩነቱ ምክንያት ሞዴሎቹ መልስ ከሚያመነጩበት መንገድ ይመነጫል።

ምክሩ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ በጉግል ይሠሩ የነበሩት ጄሰን ዌይና ባልደረቦቻቸው «የሐሳብ ሰንሰለት» የተባለውን ዘዴ የሚያስተዋውቅ ጥናት አወጡ። ዘዴው ቀላል ነበር። ለሞዴሉ ጥያቄና የመጨረሻ መልስ ብቻ የያዙ ምሳሌዎችን በማሳየት ፈንታ፣ ወደ መልሱ የሚያደርሰው ስሌት በቃላት የተጻፈባቸውን ስምንት ምሳሌዎች አሳዩት። ከዚያም አዲስ ጥያቄ ሲቀርብለት ሞዴሉ ራሱ ስሌቱን እየጻፈ ይመልስ ጀመር።

ፓልም የተባለው የጉግል ትልቅ ሞዴል ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚመጥኑ የሒሳብ ጥያቄዎችን በያዘ መፈተኛ ላይ በተለመደው መንገድ ሲጠየቅ በትክክል የመለሰው 18 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። በሐሳብ ሰንሰለት ሲጠየቅ ግን ውጤቱ ወደ 57 በመቶ ከፍ አለ። ሞዴሉ በሁለቱም ጊዜ ያው ነው፤ የተለወጠው የአጠያየቁ ስልት ብቻ ነበር። ዕድገቱ የታየው ግን በጣም ትላልቅ በሆኑ ሞዴሎች ላይ ነው። ትናንሾቹ ቋንቋው የተስተካከለ፣ ስሌቱ ግን የተዛባ ሐተታ ይጽፉ ነበር።

በዚያው ዓመት የቶክዮ ዩኒቨርሲቲው ታኬሺ ኮጂማና ባልደረቦቻቸው ምሳሌ ማሳየት እንኳ ሳያስፈልግ «ደረጃ በደረጃ እናስብ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር መጨመር ብቻውን እንደሚሠራ አሳዩ። በአንድ የሒሳብ መፈተኛ ላይ የሞዴሉ ትክክለኛ መልስ ከ17.7 በመቶ ወደ 78.7 በመቶ አደገ። በሰፊው የተሠራጨው ምክር የመጣው ከዚህ ነው። አብሮት ያልተሠራጨው ደግሞ በዚያው ጥናት ውስጥ የተመዘገበው ሌላው ውጤት ነው፤ የዕለት ተዕለት ግንዛቤን በሚፈትኑ ጥያቄዎች ላይ ያው ዐረፍተ ነገር መሻሻል አላመጣም።

መጻፍ ለምን ይረዳል?

የቋንቋ ሞዴል መልሱን አንድ ጊዜ አስቦ የጨረሰ ጸሐፊ አይደለም። የሚጽፈው ቃል በቃል ሲሆን፣ እያንዳንዱን ቀጣይ ቃል ለመምረጥ የሚያደርገው ስሌት የተወሰነ ነው። ውስብስብ ጥያቄ ቀርቦለት ወዲያውኑ ቁጥር እንዲሰጥ ከተገደደ፣ ያን ሁሉ ሥራ ያ የመጀመሪያው ቁጥር ከመጻፉ በፊት ማጠናቀቅ ይኖርበታል። መካከለኛ ውጤቶችን ሲጽፍ ግን የጻፈው ነገር ለቀጣዩ ቃል ግብዓት ይሆናል፤ ራሱ የጻፈውን እያነበበ ይቀጥላል። ለሞዴሉ የተጻፈው እርምጃ ለተማሪ የማስያ ወረቀት የሚሰጠውን ዓይነት አገልግሎት ይሰጣል።

ከላይ የተነሣው የልደት ቀን ይህን በግልጽ ያሳያል። በችኮላ የሚመልስ ሰውም ሆነ ሞዴል በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የሰባት ዓመት ልዩነት እንዳለ በማስታወስ ብቻ 1975 ላይ 7 ይደምርና 1982 ይላል። መልሱ ስሕተት ነው። ስሌቱ በእርምጃ ሲሠራ እንደሚከተለው ይሆናል።

በመጀመሪያ የዓመቱ መነሻ ይፈለጋል። 1975 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ስለሆነ፣ በአንድ ቀን የሚዘገየው ቀጥሎ ያለው የዘመነ ዮሐንስ መስከረም 1 ነው። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 1975 ዓ.ም. የዋለው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1982 ነበር። ቀጥሎ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ርቀት ይሰላል፤ መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳር እያንዳንዳቸው 30 ቀን ስለሆኑ 90 ቀን ይሆናሉ፤ ከታኅሣሥ 1 እስከ ታኅሣሥ 25 ደግሞ 24 ቀን አለ። ድምሩ 114 ቀን ነው። በመጨረሻም ከሴፕቴምበር 11 ጀምሮ 114 ቀን ይቆጠራል። እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ 19 ቀን፣ ኦክቶበር 31፣ ኖቬምበር 30፣ ዲሴምበር 31 ሲደመሩ 111 ይሆናሉ። የቀሩት ሦስት ቀናት ወደ አዲሱ ዓመት ስለሚገቡ መልሱ ጃንዋሪ 3 ቀን 1983 ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ እያንዳንዱ ቁጥር ከበፊቱ ይወለዳል። 114 ሳይታወቅ የመጨረሻው ቆጠራ አይጀመርም፤ ዓመቱ መለወጡም የሚታየው ቆጠራው ዲሴምበርን ሲያልፍ ነው። የሐሳብ ሰንሰለት የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ሥራ ነው፤ መልሱ በጥያቄው ውስጥ ካለው መረጃ በቅደም ተከተል ተሠርቶ ሊወጣ ሲችል።

የማይጠቅመው የት ነው?

ያው ሰው ቀጥሎ «የአንድ አገር ኤምባሲ ለፓስፖርት እድሳት የትኞቹን ሰነዶች ይጠይቃል?» ብሎ ቢጠይቅ ነገሩ ይለወጣል። የዚህ ጥያቄ መልስ ተሰልቶ የሚገኝ አይደለም። ሞዴሉ ወይ በሥልጠናው ወቅት አግኝቶታል፣ ወይ አላገኘውም። ካላገኘው ወይም መረጃው ካረጀ፣ ደረጃ በደረጃ እንዲያስብ ማዘዝ የሌለውን እውቀት አይፈጥርለትም። የሚያተርፈው ረዘም ያለና የተቀናበረ ግምት ነው፤ ይህ ደግሞ ከአጭር ግምት ይልቅ አሳማኝ ስለሚመስል ይበልጥ ያሳስታል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ዛይን ስፕሬግና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ጥናት ይህን ልዩነት በስፋት መርምሯል። ተመራማሪዎቹ ከ100 በላይ ጽሑፎችን ውጤት አሰባስበው፣ በተጨማሪም 14 ሞዴሎችን በ20 መፈተኛዎች ፈተኑ። ከፍተኛ ጥቅም የታየው በሒሳብና በሥነ አመክንዮ ላይ ሲሆን በሌሎቹ ዘርፎች ጭማሪው በጣም አነስተኛ ነበር። 57 የትምህርት ዘርፎችን በሚያካትት አንድ የታወቀ መፈተኛ ላይ ያገኙት ምልክት በተለይ ትኩረት ይስባል። በጥያቄው ወይም በሞዴሉ መልስ ውስጥ የእኩል ይሆናል ምልክት (=) ከሌለ፣ በሐሳብ ሰንሰለት የተሰጠውና በቀጥታ የተሰጠው መልስ ትክክለኛነት ተቀራራቢ ነበር ለማለት ይቻላል።

የዚያው ጥናት ሌላ ግኝት ደግሞ የሒሳቡንም ጥቅም በልኩ ያስቀምጠዋል። ሞዴሉ ችግሩን በቀመር መልክ ካስቀመጠ በኋላ ስሌቱን ለኮምፒውተር ፕሮግራም ቢያስረክብ፣ ራሱ በቃላት እየጻፈ ከሚያሰላው የተሻለ ውጤት ይገኛል። የቀን መቁጠሪያ መለወጫ ፕሮግራም ያለው ሰው ለዚህ ሥራ የቋንቋ ሞዴል አያስፈልገውም።

እርምጃዎቹን ማመን ይቻላል?

የተጻፈ ስሌት አንባቢው እንዲመረምረው ዕድል ይሰጣል። ሆኖም ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው በመጀመሪያ ላይ የገባ ስሕተት ሳይታወቅ እስከ መጨረሻ መዝለቁ ነው። ከላይ በተሠራው ምሳሌ ሞዴሉ መስከረም 1ን ሴፕቴምበር 12 ብሎ ቢጀምር ቀሪው ስሌት እንከን ሳይኖረው መልሱ ጃንዋሪ 4 ይሆናል። ከመስከረም 1 ራሱ ጀምሮ 115 ብሎ ቢቆጥርም እዚያው ላይ ይደርሳል።

ሁለተኛው ወጥመድ ይበልጥ ስውር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ማይልስ ተርፒንና ባልደረቦቻቸው ለሞዴሎች ባሳዩዋቸው የምርጫ ጥያቄ ምሳሌዎች ሁሉ ትክክለኛው መልስ ሆን ተብሎ በ«ሀ» ፊደል ቦታ፣ ማለትም በመጀመሪያው ምርጫ ላይ፣ እንዲውል አደረጉ። ሞዴሎቹ በአዲሱ ጥያቄም ወደ መጀመሪያው ምርጫ አዘነበሉ። በጻፉት ማብራሪያ ግን ይህን ምክንያት አልጠቀሱም፤ ለተሳሳተው መልስ ሌላ የሚያሳምን ምክንያት ደረደሩለት። የተጻፈው ሐሳብ ሁልጊዜ መልሱን የወሰነው ሐሳብ ነው ብሎ መደምደም እንደማይቻል ይህ ያሳያል።

ስለዚህ ማጣራት የሚገባው በሌላ መንገድ ነው። ለልደት ቀኑ የሚያገለግል ቀላል ማረጋገጫ የገና በዓል ነው። ከዘመነ ዮሐንስ በስተቀር ገና ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ይውላል። ታኅሣሥ 25 ከገና አራት ቀን ይቀድማል፤ ከጃንዋሪ 7 ላይ አራት ሲቀነስ ጃንዋሪ 3 ይገኛል። ሁለት የተለያዩ መንገዶች አንድ ቦታ ሲገናኙ፣ ሞዴሉ ያው ስሌት ትክክል ነው ብሎ ደግሞ ከሚያረጋግጠው የበለጠ ዋስትና ይሆናል።

በአዲሶቹ ሞዴሎች ላይስ?

ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ያቀረበው ኦ1 የተባለ ሞዴል፣ ቀጥሎም በጃንዋሪ 2025 የወጣው የቻይናው ዲፕሲክ አር1፣ ከመመለሳቸው በፊት ረጅም የሐሳብ ሰንሰለት እንዲያመነጩ የሠለጠኑ ናቸው። ለእነዚህ «ደረጃ በደረጃ አስብ» ማለት ቀድሞውኑ የሚያደርጉትን እንዲያደርጉ ማዘዝ ስለሆነ ብዙም ለውጥ አያመጣም። መልሱ እንዲዘገይና የሚከፈልበት አገልግሎት ከሆነም ወጪው እንዲጨምር የማድረግ ዕድሉ ግን አለ።

ከመጠየቅ በፊት አንድ ነገር መለየት ይበቃል። ጥያቄውን ለመመለስ ሰው ወረቀትና እርሳስ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ሞዴሉም ስሌቱን እንዲጽፍ መጠየቁና የጻፈውን መመርመሩ ዋጋ አለው። ሰው መዝገብ ማየት ወይም ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ስልክ መደወል የሚያስፈልገው ከሆነ ግን፣ የሚሻለው መዝገቡን ማየትና ስልኩን መደወል ነው።