ለቢቢም ቦታ ልቀቁላት

ምሳ ቀርቦ ቤተሰቡ ሊቀመጥ ሲል የአራት ዓመቷ ልጅ «እዚያ ጋ አትቀመጡ፣ ቢቢ አለች!» ብላ ትጮሃለች። ወንበሩ ላይ ማንም የለም። በማግስቱ ደግሞ ከመዋለ ሕፃናት ተመልሳ አንበሳ ግቢ ገብቶ የመምህሯን ቦርሳ እንደበላ፣ ዘበኛውም በዱላ እንዳባረረው ዓይኗን በጨው ታጥባ ትተርካለች። አያቷ አማትበው «ይቺን ልጅ የሆነ ነገር ነክቷታል» ይላሉ። አባቷ «ይሄን ውሸት ከየት ተማረችው?» ብሎ ይቆጣል።

ከመቆጣትም ከማማተብም በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ። ልጅቷ የምትናገረው ነገር እውነት እንዳልሆነ ታውቃለች ወይ? መልሱ እንደ ነገሩ ይለያያል።

ስለ ቢቢ ከሆነ፣ ታውቃለች። በአሜሪካ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ማርጆሪ ቴይለር ስለማይታዩ ጓደኞች ልጆችን ለረጅም ዓመታት ሲጠይቁ ኖረዋል። ጓደኛሽ ስሟ ማን ነው? ቁመቷስ? የት ነው የምትተኛው? ልጆቹ ለሁሉም መልስ አላቸው። ነገር ግን ጠያቂዋ ሁሉንም በቁም ነገር ስትጽፍ ሲያዩ ከመካከላቸው «የውሸት እኮ ናት» ብለው የሚያስታውሷት አሉ። ትልቋ ሴትዮ የተታለለች መስሏቸው ማዘናቸው ነው።

ቴይለርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተከታተሏቸው ልጆች 65 በመቶው ሰባት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ በሆነ ጊዜ እንዲህ ያለ ጓደኛ ነበራቸው። ቁጥሩ ስምና ጠባይ የተሰጣቸውን አሻንጉሊቶችም ይጨምራል። ጓደኛ ያጣ ወይም ዓይን አፋር ልጅ ብቻ የሚያደርገው ነገር ነው የሚለው ግምትም አልተገኘም። በኩሮችና አንድዬ ልጆች ላይ በርከት ብሎ ይታያል፤ ብቻቸውን የሚጫወቱበት ሰዓት ስለሚበዛ ይሆናል።

እኔን የሚገርመኝ የእነዚህ ጓደኞች ጠባይ ነው። ልጅ የልቡን ጓደኛ ሲፈጥር የታዘዘችውን ሁሉ የምታደርግ ይፈጥር ነበር ብለን እንጠብቃለን። ብዙዎቹ ግን እንደዚያ አይደሉም። ሲጠሯቸው አይመጡም፣ ተኙ ሲባሉ ይጮኻሉ፣ ያኮርፋሉ። አራት ዓመት አካባቢ ልጅ ሌላ ሰው ከእሱ የተለየ ነገር ሊያስብ፣ ሊፈልግ፣ ሊሳሳትም እንደሚችል መረዳት የሚጀምርበት ዕድሜ ነው። እንቢተኛዋ ቢቢ ለዚህ መለማመጃ ትሆናለች። ልጅቷ «ቢቢ ጨለማ ትፈራለች» ስትልም በራሷ ስም መናገር የከበዳትን ነገር እየነገረቻችሁ ሊሆን ይችላል። «ብርጭቆውን የሰበረችው ቢቢ ናት» ካለች ደግሞ ክርክር አያስፈልግም፤ «እሺ፣ ከቢቢ ጋር ሆናችሁ ወለሉን ጥረጉት» ማለት ይበቃል። ስብርባሪውን ግን አዋቂ ያንሳው።

ሆን ተብሎ የሚነገር ውሸት ሌላ ነው። እዚህም ልጅ እውነቱን ያውቃል፤ መደበቁን ግን ገና አልቻለበትም። ካንግ ሊና ቪክቶሪያ ታልዋር የተባሉ ተመራማሪዎች ልጁን ከጀርባው ካለ አሻንጉሊት ጋር ብቻውን ይተዉትና እንዳያይ ያስጠነቅቁታል። አብዛኛው ዞሮ ያያል። ሲጠየቅ «አላየሁም» ይላል። «ታዲያ ምን ይመስልሃል?» ሲባል ግን የአሻንጉሊቱን ስም ቁጭ ያደርገዋል! የሰባት ዓመት ልጅ አላውቅም ማለትን ይችልበታል፤ የአራት ዓመቱ ራሱን ያጋልጣል።

አስቸጋሪው የአንበሳው ወሬ ነው። ሲጀመር ጨዋታ ነው። ተረት ሲነገረው ያደገ ልጅ ጅብና ጦጣ ሲነጋገሩ ሰምቷል፤ እሱም በተራው ይሞክረዋል፤ የሰሚው ዓይን ሲፈጥ ደግሞ ይጨምርበታል። እስከዚህ ድረስ እውነት አለመሆኑን ያውቃል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ነገሩን ራሱን ሲያስታውስ፣ ከየት እንዳገኘው ይጠፋዋል። በዓይኑ ያየውን፣ የሰማውን፣ ያለመውንና በሐሳቡ የሣለውን መለየት ለአዋቂም አንዳንዴ ያስቸግራል፤ ለሕፃን ግን እጅግ ከባድ ነው።

የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ሴሲና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት ጥናት ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ለመዋለ ሕፃናት ልጆች የደረሱባቸውም ያልደረሱባቸውም ነገሮች በየሳምንቱ ይነበቡላቸው ነበር። ካልደረሱት አንዱ፣ ጣታቸው በአይጥ ወጥመድ ተይዞ ሆስፒታል መሄዳቸው ነው። ጠያቂው «በደንብ አስብ፤ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብህ ያውቃል?» ይላል እንጂ ልጁን አያስፈራራም፣ ደርሶብሃልም አይለውም። አሥር ሳምንት ገደማ ካለፈ በኋላ አዲስ ሰው መጥቶ ሲጠይቃቸው፣ ከልጆቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንዱን ያልሆነ ነገር እንደሆነ አድርገው ተረኩ።

አተራረካቸው ደግሞ ዝርዝር የሞላበት ነው። አንድ ልጅ ወንድሙ አሻንጉሊቱን ሊቀማው ሲታገለው ወጥመዱ ወዳለበት የማገዶ ክምር እንደገፈተረው፣ ቤተሰቡ በመኪና ሆስፒታል እንዳደረሰው፣ ሐኪሙም የትኛውን ጣቱን እንዳሰረለት ጭምር ተናግሯል። የተቀረጸውን ፊልም ያዩ የሕፃናት ባለሙያዎች የትኛው ታሪክ እውነት፣ የትኛው ፈጠራ እንደሆነ መለየት አልቻሉም፤ በዘፈቀደ ከመገመት የተሻለ ውጤት አልነበራቸውም። ነገሩ እንዳልሆነ ሲነገራቸው «ኧረ ሆኗል፣ አስታውሳለሁ» ብለው የተሟገቱ ልጆችም ነበሩ። እነዚህን ልጆች ውሸታም ማለት አይቻልም፤ የሚያስታውሱትን ነው የተናገሩት።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የጠያቂው ነው ባይ ነኝ። አባት «አንበሳው ትልቅ ነበር? መምህሯንስ ነከሳት?» እያለ ለእንግዳ ሁሉ ሲያስተርካት፣ ሳያውቀው የሴሲን ሙከራ ሳሎኑ ውስጥ እየደገመ ነው። የሚሻለው አንድ ጊዜ «ከዚያስ?» ብሎ ማዳመጥ፣ በመጨረሻም ሳያሳፍሩ «ጥሩ ተረት ነው፤ አሁን ደግሞ ዛሬ በእውነት የሆነውን ንገሪኝ» ማለት ነው።

የማይታይ ጓደኛ ብቻውን ሐኪም ቤት አያስኬድም፤ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ሲያድግ ሳይታወቅ ይቀራል። ልጁ ድምፁ እያዘዘኝ ነው፣ እንቢ ማለት አልቻልኩም ካለ፣ ከፈራው፣ ራሱን ወይም ሌላውን እንዲጎዳ የሚገፋፋው ከሆነ፣ ወይም እንቅልፉና ምግቡ ተበላሽቶ ከእኩዮቹ ከራቀ ግን ባለሙያ ይየው።

አንድ ነገር ግን ከአንበሳው ወሬ ጋር እንዳይቀላቀል። ልጅ አንድ ሰው እንደመታው፣ እንደነካካው ወይም እንዳስፈራራው ከተናገረ «ፈጠራ ነው» ብላችሁ አትለፉት። በጥያቄ አታጣድፉት፣ «እገሌ ነው አይደል?» እያላችሁ ስም አትስጡት፣ ለየዘመዱ አታስደግሙት። የተናገረውን በራሱ ቃል ጻፉና ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ወይም የሴቶችና የሕፃናትን ጉዳይ ወደሚከታተል የፖሊስ ክፍል ውሰዱት። የቀረውን ጥያቄ እነሱ ይጠይቁት።