ሃያ ፔርሙዝ ቢመለስ ስንት መዝገብ ይነካል?

በጅምላ ንግድ የተሰማራ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ዕቃ ይሸጣል፤ ከሳምንት በኋላ ከፊሉ ይመለሳል። ደንበኛው “ከቀሪ ዕዳዬ ላይ ቀንሱልኝ” ይላል፤ ሻጩም “እሺ” ብሎ ይቀበላል፤ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። አለማለቁ የሚታወቀው ወሩ ሲዘጋ ነው። የመጋዘኑ ቆጠራ ከስቶክ ካርዱ ጋር አይገጥምም፤ ደንበኛው የሚያምነው ዕዳ በሌጀሩ ላይ ካለው ያንሳል፤ ነጋዴውም ተመልሶ ለመጣ ዕቃ ቫት ከኪሱ ከፍሎ ይገኛል።

ምክንያቱ አንድ ነው። የተመለሰ ዕቃ በአንድ ጊዜ ሦስት ቦታ ይነካል፦ የደንበኛውን ሒሳብ፣ የቫቱን ሒሳብና የመጋዘኑን ሒሳብ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚስተካከሉት በመሸጫ ዋጋ ሲሆን፣ ሦስተኛው ግን በመግዣ ዋጋ ነው። ይህን ልዩነት የዘነጋ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ሳያውቀው በመጋዘን የሌለ ሀብት በወረቀት ላይ ይፈጥራል።

እስቲ በምሳሌ እንየው። አንድ የመርካቶ አከፋፋይ በመጋዘኑ 500 ፔርሙዝ አለው እንበል። እያንዳንዱ የተገዛው ቫትን ሳይጨምር በ600 ብር ነው። በጥር ወር 200ውን ለአንድ የክፍለ ሀገር ነጋዴ በ800 ብር ሸጠ። የሽያጩ ዋጋ 160,000 ብር፣ በ15 በመቶ የተሰላው ቫት 24,000 ብር፣ በድምሩ 184,000 ብር ይሆናል። ገዢው 84,000 ብር ከፍሎ 100,000 ብር በዱቤ ቀረበት።

በየካቲት ገዢው 20 ፔርሙዝ መለሰ። ሲቆጠሩ 12ቱ ደህና ናቸው፤ 8ቱ የውስጥ መስታወታቸው ተሰብሯል። ሌሎች 10 ደግሞ ላያቸው ስለተጫረ ገዢው በእያንዳንዳቸው 100 ብር ተቀንሶለት እንዲያስቀራቸው ተስማሙ።

የመጀመሪያው ሥራ የመጋዘን ሠራተኛው ነው። የመጣውን ዕቃ ቆጥሮ፣ ደህናውን ከተሰበረው ለይቶ፣ ቁጥር ባለው የተመላሽ ዕቃ መቀበያ ሰነድ ላይ ያሰፍራል። ክሬዲት ኖት የሚዘጋጀው ይህ ሰነድ ከተፈረመ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለትም ክሬዲት ኖቱ ዕቃው ሳይታይ ከወጣ፣ ያልተመለሰ ዕቃ እንደተመለሰ ተቆጥሮ የደንበኛው ዕዳ ሊሰረዝ ይችላል። ክሬዲት ኖቱ የመጀመሪያውን ደረሰኝ ቁጥርና ቀን፣ የተመለሰበትን ምክንያት፣ ብዛቱን፣ ዋጋውንና ቫቱን ለያይቶ መያዝ አለበት። የጥሩ ደረሰኝ ግን አይቀደድም፤ አይሰረዝም። የተሸጠው በርግጥ ተሽጧልና።

በምሳሌያችን የተመለሱት 20 ፔርሙዞች በ800 ብር 16,000 ብር፣ የተጫሩት 10 ቅናሽ 1,000 ብር፣ በድምሩ 17,000 ብር ይሆናል። ቫቱ 2,550 ብር ነው። ስለዚህ ክሬዲት ኖቱ የሚወጣው በ19,550 ብር ሲሆን፣ በጆርናል ላይ እንዲህ ይመዘገባል፦

ዴቢት፦ የሽያጭ ተመላሽና ቅናሽ 17,000
ዴቢት፦ ተከፋይ ቫት 2,550
ክሬዲት፦ ተሰብሳቢ ሒሳብ (ደንበኛው) 19,550

የደንበኛው ዕዳ ከ100,000 ወደ 80,450 ብር ወረደ። ቫቱ የሚስተካከለው ክሬዲት ኖቱ በተሰጠበት በየካቲት ወር ማስታወቂያ ላይ ነው እንጂ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ የጥርን በመፋቅ አይደለም። ገዢውም የቫት ተመዝጋቢ ከሆነና በግዢው ጊዜ ቫቱን ካቀናነሰ፣ ይህንኑ 2,550 ብር በራሱ መዝገብ ላይ መቀነስ ይኖርበታል። ሻጩ ቀንሶ ገዢው ዝም ካለ፣ ሁለቱ መዝገቦች በምርመራ ጊዜ ይጋጫሉ።

ወደ መጋዘኑ እንመለስ። የተጫሩት 10 ፔርሙዞች ከገዢው ዘንድ ስላልተንቀሳቀሱ በስቶክ ካርዱ ላይ ምንም አይጻፍም። ቅናሽ የዋጋ እንጂ የዕቃ ጉዳይ አይደለም። የተመለሱት 20 ግን በወጡበት ዋጋ፣ በ600 ብር ይገባሉ። በመካከሉ አዲስ ዕቃ በ650 ብር ተገዝቶ ቢሆን እንኳ እነዚህ የሚመለሱት በ600 ነው።

ዴቢት፦ የዕቃ ክምችት 12,000
ክሬዲት፦ የተሸጡ ዕቃዎች ወጪ 12,000

ቀጥሎ የተሰበሩት 8 በብልሽት ሰነድ ይወጣሉ፦

ዴቢት፦ የዕቃ ብልሽት ኪሳራ 4,800
ክሬዲት፦ የዕቃ ክምችት 4,800

ካርዱ ከሽያጩ በኋላ 300 ይል ነበር፤ ተመላሹ ሲገባ 320፣ ብልሹው ሲወጣ 312 ይላል። በቀጥታ 12 ብቻ ማስገባት የሚቀል ቢመስልም፣ ያን ጊዜ የመቀበያ ሰነዱ 20፣ ካርዱ 12 ይላሉ። የ8ቱ መድረሻ የትም አይገኝም። ብልሽቱ የአቅራቢው ጥፋት ሆኖ እርሱ ለመተካት ከተስማማ ደግሞ 4,800 ብሩ ኪሳራ መሆኑ ቀርቶ ከአቅራቢው የሚሰበሰብ ሒሳብ ይሆናል።

አሁን የተለመደውን ስሕተት እንመልከት። የሒሳብ ሠራተኛው 20ውንም ክሬዲት ኖቱ ላይ ባየው በ800 ብር ወደ ክምችት አስገባና ብልሹውን ሳይለይ ተወ እንበል። በመዝገቡ ላይ 16,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ገባ። ሊሸጥ የሚችለው ግን 7,200 ብር የተገዛው ብቻ ነው። ትርፉ 8,800 ብር ጨምሮ ይታያል፤ ባለቤቱም በሌለ ትርፍ ላይ ግብር ያሰላል።

ትክክል መሠራቱን ማወቂያው ቀላል ነው። ጠቅላላ ትርፉ መጀመሪያ 40,000 ብር ነበር። አሁን የተጣራው ሽያጭ 143,000፣ የ180ው ወጪ 108,000፣ ብልሽቱ 4,800 ስለሆነ የሚቀረው 30,200 ብር ነው። የ9,800 ብሩ ልዩነት በሦስት ነገር ተተንትኖ ማለቅ አለበት፦ በ20ው ላይ የቀረው የ200 ብር ትርፍ 4,000፣ ቅናሹ 1,000፣ ብልሽቱ 4,800። ድምሩ ካልገጠመ አንዱ መዝገብ ተዘሏል ማለት ነው።

ገዢው አስቀድሞ 184,000ውን ሙሉ ከፍሎ ቢሆንስ? ክሬዲት ኖቱ በዚያው መልክ ይወጣል፤ የደንበኛው ሒሳብ 19,550 ብር ክሬዲት ያሳያል። ገንዘቡ የሚመለሰው በሌላ የክፍያ ማዘዣ ነው፦ ተሰብሳቢ ሒሳብ ዴቢት፣ ባንክ ወይም ካዝና ክሬዲት። ብዙዎች ከዕለቱ ሽያጭ አንስተው ይሰጡና የቀኑን ገቢ ቀንሰው ይጽፋሉ። ያን ጊዜ ቫቱ ሳይስተካከል፣ ዕቃውም በካርድ ሳይገባ ይቀራል። ያልተመዘገበ ዕቃ ደግሞ ቢጠፋም የሚጠይቀው የለም።

በየወሩ መጨረሻ የተመላሽ መቀበያ ሰነዶችንና ክሬዲት ኖቶችን በቁጥራቸው ደርድሮ ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። ክሬዲት ኖት ያልወጣለት መቀበያ ሰነድ ከተገኘ ለደንበኛው ያልታሰበለት ዕቃ አለ። መቀበያ ሰነድ የሌለው ክሬዲት ኖት ከተገኘና የዋጋ ቅናሽ ካልሆነ ግን የፈረመውን ሰው ጠርቶ ማነጋገር ይገባል።