ያለ ኮምፕሬሰር የሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ

በላምባ ወይም በቡታጋዝ ነበልባል የሚሠራው ማቀዝቀዣ ኤሌክትሪክ ባልደረሰባቸው የኢትዮጵያ ገጠሮች ጭምር ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ለማቆየት ያገለገለ መሣሪያ ሲሆን፣ አሠራሩን በ1922 እ.ኤ.አ. የፈለሰፉት በስቶክሆልም የምህንድስና ተማሪዎች የነበሩት ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ ናቸው።

በመሣሪያው ጀርባ በብየዳ የታሸጉት የብረት ቱቦዎች ውኃ፣ አሞኒያና ሃይድሮጅን ይዘዋል። አሞኒያ በውኃ ውስጥ በብዛት የሚሟሟ፣ በተራ የአየር ግፊት ደግሞ ከዜሮ በታች በ33 ዲግሪ የሚፈላ ጋዝ ነው። ነበልባሉ ከታች ያለውን ማፍያ ሲያሞቅ አሞኒያው ከውኃው ተለይቶ በአረፋ መልክ ይወጣል፤ አረፋውም በቀጭን ቱቦ ውስጥ ፈሳሹን እየገፋ ወደ ላይ ስለሚያወጣው የፓምፕን ሥራ ይሠራል። ከዚህ በኋላ አሞኒያው ከላይ ባለው ክንፋም ቱቦ ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆንና፣ በራሱ ክብደት ወደ ማቀዝቀዣው ውስጠኛ ቱቦ ይወርዳል።

ኮምፕሬሰር ባለው ማቀዝቀዣ ፈሳሹ የሚተነው ግፊቱ በድንገት ስለሚቀንስ ነው፤ እዚህ ግን ጠቅላላው ግፊት በሁሉም ቱቦዎች ውስጥ እኩል ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው በውስጠኛው ቱቦ የሚጠብቀው ሃይድሮጅን ነው፤ የግፊቱን አብዛኛውን ድርሻ እርሱ ስለሚሸከም የአሞኒያው የራሱ ድርሻ ዝቅተኛ ይሆናል፣ በመሆኑም አሞኒያው በቀዝቃዛ ሙቀት ይተናል፣ ለመትነንም የሚያስፈልገውን ሙቀት ከምግቡ ወይም ከክትባቱ ይወስዳል። ሁለቱ ጋዞች ተቀላቅለው ከብደው ሲወርዱ፣ ከማፍያው የተመለሰው አሞኒያ የቀነሰበት ውኃ አሞኒያውን ይመጠውና ወደ ማፍያው ይዞት ይመለሳል፤ ቀላሉ ሃይድሮጅን ግን ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል።

መሣሪያው በውኃ ልክ ተስተካክሎ መቆም ያለበት ከዚህ የተነሣ ነው። ፈሳሹን የሚያንቀሳቅሰው የቱቦዎቹ ጥቂት ተዳፋት ብቻ በመሆኑ፣ ለምሳሌ ወለሉ ሰርጎ አንደኛው እግር ዝቅ ሲል ተዳፋቱ ይጠፋል ወይም ይገለበጣል፤ ፈሳሹም በአንድ መታጠፊያ ተጠራቅሞ የጋዙን መተላለፊያ ይዘጋል። ነበልባሉ ግን ስለማይቆም፣ በቂ ፈሳሽ የማይመለስለት ማፍያ ከልክ በላይ ይግላል፤ ብረቱን ከዝገት ለመከላከል የተጨመረው ሶዲየም ክሮሜትም ረግቶ ቀጭኑን ቱቦ ሊደፍን ይችላል።

የዚህ ምልክቱ ማፍያው እያቃጠለ ከላይ ያሉት ቱቦዎች ሳይሞቁ፣ ውስጡም ሳይቀዘቅዝ መቅረቱ ነው። በዚህ ጊዜ ነበልባሉን አጥፍቶ መሣሪያውን ማስተካከል፣ ፈሳሹ ወደ ቦታው እስኪመለስ ለሰዓታት መጠበቅ፣ ከዚያም እንደገና ለኩሶ እስከ ማግስቱ መከታተል ይገባል፤ ካልቀዘቀዘና ነበልባሉም ደህና ከሆነ ቱቦው ሳይደፈን አልቀረም። የአሞኒያ ሽታ ወይም ቢጫ ቅሪት ከታየ ደግሞ ቱቦው አፍስሷልና መሣሪያው ወዲያውኑ መጥፋት፣ ክፍሉም አየር እንዲያገኝ መከፈት አለበት።