ከእሳት የወረደ ወጥ

«ነገ ስለ እጅ መታጠብ ይጠይቋችኋል፤ ታውቁታላችሁ። ጥሬ ሥጋና ሰላጣ በአንድ መክተፊያ ይቆረጣሉ ወይ ይሏችኋል፤ እሱንም ታውቁታላችሁ። እኔ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት እሳቱ ከጠፋ በኋላ ወጡ ምን እንደሚሆን ነው። ብዙ ሰው ፈተናውን የሚስተው እዚያ ላይ ነው። ወጥ ቤትም የሚሳሳተው እዚያው ላይ ነው።»

ይህን የተናገሩት ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ከተማው እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ሰፈር የአንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ናቸው። ሠራተኞቹ «እትዬ» ይሏቸዋል። ከፊታቸው በቅርቡ የተቀጠሩ ወጣቶች ተቀምጠዋል፤ በማግስቱ የምግብ ንጽሕና ፈተና አለባቸው። በአብዛኛው ካሊፎርኒያ ምግብ የሚሠራ፣ የሚያስቀምጥ ወይም የሚያቀርብ ሰው በተቀጠረ በ30 ቀን ውስጥ «ፉድ ሃንድለር ካርድ» የሚባለውን ማውጣት ግዴታው ነው። ፈተናው ቢያንስ 40 ጥያቄ አለው፤ ለማለፍ 70 በመቶ ያስፈልጋል፤ ካርዱም ለ3 ዓመት ያገለግላል። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ የትምህርቱንና የፈተናውን ወጪ ቀጣሪው እንዲሸፍን፣ የወሰደውም ጊዜ እንደ ሥራ ሰዓት እንዲከፈል ሕጉ ያዛል። እትዬ ይህን መጀመሪያ ነገሯቸው፤ መብቱን ሳያውቅ ከኪሱ የከፈለ ሠራተኛ ብዙ ነውና ደግ አደረጉ።

ከዚያ ወደ ድስቱ ገቡ።

«እናቶቻችን ማታ የሠሩትን ወጥ ምድጃው ላይ ትተውት ያድሩ ነበር። ጠዋት አሙቀው ያቀርቡልናል። ያ ድስት ግን ትንሽ ነበር፤ በላተኛውም ስምንት ሰው ነው። የኛ ድስት አርባ ሊትር ነው፤ የሚበላውም የማናውቀው ሰው ነው፤ ሽማግሌ አለበት፣ ነፍሰ ጡር አለችበት።»

አንዱ ወጣት እጁን አነሳ። «እትዬ፣ ከፈላ እኮ ባክቴሪያው ይሞታል።»

«ይሞታል፤ ግን ሁሉም አይሞትም» አሉት። ያስረዱት ክፍል ከንግግራቸው ሁሉ ዋጋ ያለው ስለመሰለኝ ሰፋ አድርጌ አቀርበዋለሁ። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ አፈር ውስጥም የእንስሳ አንጀት ውስጥም ይኖራል፤ ከሥጋ ጋር ወደ ወጥ ቤት መምጣቱ የተለመደ ነው። ኑሮ ሲከብደው ስፖር የሚባል ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል። ቀይ ወጡ ሲንተከተክ ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ሲሞቱ ስፖሩ በሕይወት ሊተርፍ ይችላል። እንዲያውም ሙቀቱ ይቀሰቅሰዋል። መፍላቱ ከወጡ ውስጥ አየሩን አስወጥቶለታል፤ ይህ ባክቴሪያ ደግሞ ኦክስጅን በሌለበት የሚራባ ነው። ሌሎቹም ስለሞቱለት ተሻሚ የለበትም። ወጡ እየቀዘቀዘ ከ135 ዲግሪ ፋረንሃይት፣ ማለትም ከ57 ሴንቲግሬድ በታች መውረድ ሲጀምር የሱ ቀን ይነጋል።

በጣም በሚስማማው ሙቀት፣ ከ109 እስከ 117 ፋረንሃይት አካባቢ፣ በየአሥር ደቂቃው እጥፍ ሊሆን ይችላል። እትዬ ነጭ ሰሌዳው ላይ አሰሉት፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያለ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከአራት ሺህ ያልፋል። ወጡ አይሸትም፣ ቀለሙም አይለወጥም። ተመጋቢው ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳትም ትውከትም የለም፤ በአንድ ቀን ውስጥ ይተወዋል። በዚህም ምክንያት ትናንት ማታ ከበላው ወጥ ጋር የሚያያይዘው ጥቂት ሰው ነው። አቤቱታ አልመጣም ማለት ችግር የለም ማለት እንዳልሆነ እትዬ ጠበቅ አድርገው ተናገሩ።

ሕጉ ለዚህ ያስቀመጠው መልስ ሁለት ደረጃ አለው። ወጡ ከ135 ወደ 70 ፋረንሃይት በ2 ሰዓት ውስጥ መውረድ አለበት። ከዚያ ከ70 ወደ 41፣ ማለትም ወደ 5 ሴንቲግሬድ፣ እንዲወርድ ሌላ 4 ሰዓት ይሰጠዋል። በድምሩ 6 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ክፍል የጠበበው ባክቴሪያው በፍጥነት የሚራባው እዚያ ስለሆነ ነው። ፈተናው ላይ ቁጥሮቹን አገላብጠው ያቀርቡላችኋል፤ ምክንያቱን ያወቀ ግን አይደናገርም አሉ።

«ሰዓቱ የሚቆጠረው እሳቱ ከጠፋ ጀምሮ ነው?» ብላ አንዷ ጠየቀች።

«አይደለም የኔ ልጅ፤ ወጡ 135 ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ያለ ቴርሞሜትር ሰዓቱ መቼ እንደጀመረ እንኳ አታውቂም።»

ቴርሞሜትሩን ከኪሳቸው አውጥተው በረዶና ውኃ የሞላ ብርጭቆ ውስጥ ከተቱት፤ 32 አሳየ። ከዚያ በእሳት ላይ ወደነበረው ድስት ሄደው መጀመሪያ ዳሩን፣ ቀጥሎ መሐሉን ለኩ። የሁለቱ ልዩነት ለሁሉም ታየ። «ገንፎ ከዳር ከዳር የምንበላው ለምንድን ነው? መሐሉ ስለሚያቃጥል አይደል? ቀይ ወጥም እንደዚያው ነው። ሽንኩርቱ ስላወፈረው ራሱን አያገላብጥም፤ ሙቀቱ ከመሐል ወደ ዳር ቀስ እያለ ይወጣል። የምትጽፉት የመሐሉን ቁጥር ነው።»

ነገሩ እዚህ ላይ ከቁጥር ወደ ሥራ ይዞራል። ወፍራም ምግብ ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ድስቱን ከነወጡ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት አያድንም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር 8 ኢንች ጥልቀት ያለው ትኩስ የዶሮ ሾርባ ፍሪጅ ውስጥ እስኪቀዘቅዝ 24 ሰዓት ሊፈጅ እንደሚችል ያስረዳል። ፍሪጅ የተሠራው የቀዘቀዘውን እንደቀዘቀዘ ለማቆየት ነው። ትኩስ ድስት ቢገባበት አጠገቡ ያለውን አይብና ሥጋም ያሞቅበታል።

በዚያ ወጥ ቤት የሚደረገው እንዲህ ነው። ወጡ 2 ኢንች ጥልቀት ወዳላቸው ሰፋፊ የብረት ትሪዎች ይገለበጣል። ትሪዎቹ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ በረዶና ውኃ ላይ ይቀመጣሉ። ውኃው አይቅር፤ በረዶ ብቻውን ብረቱን እዚህም እዚያም ይነካዋል እንጂ ዙሪያውን አያቅፈውም። ከዚያ ይማሰላል። ከላይ የሚንሳፈፈው ቅቤ ዝም ከተባለ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፤ ማማሰሉ እሱንም ይሰብረዋል። ሙቀቱ ሲወርድ ትሪዎቹ ሳይከደኑ ወደ ፍሪጁ ላይኛው መደርደሪያ ይሄዳሉ፤ ምንም እንዳይንጠባጠብባቸው ነው ላይ የሚሆኑት። የሚከደኑት ከቀዘቀዙ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ቀኑ ይጻፍባቸዋል።

እትዬ ለማስተማሪያ ያዘጋጁትን መዝገብ አሳዩ፤ ሰዓቱ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው። ቀይ ወጡ ከሰዓት 4:00 ላይ ከእሳት ወረደ። 4:30 ላይ 135 ሆነ፤ ቆጠራው እዚህ ጀመረ። 5:40 ላይ 70 ደረሰ። አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው የፈጀው፤ የተረፈው 50 ደቂቃ ለሁለተኛው ደረጃ ይጨመራል። የመጨረሻው ወሰን ማታ 10:30 ነው። 9:00 ላይ ሲለካ 41 ሆኗል፤ አለፈ።

«አሁን ያንኑ ወጥ ማታ 9:00 ላይ ከእሳት አውርዱት» አሉ። 9:30 ላይ 135፣ 10:40 ላይ 70 ይሆናል፤ ወሰኑ ከሌሊቱ 3:30 ነው። ቤቱ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል። ማን ይለካዋል? ጠዋት 8:00 ላይ 41 ሆኖ ቢገኝ በስንት ሰዓት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በዚያ ቤት ትልቅ ድስት ከ4:00 በኋላ ከእሳት አይወርድም። ይህ ደንብ በሕጉ ላይ የለም፤ ከሕጉ ቁጥሮች ተነሥተው ራሳቸው ያወጡት ነው። እኔ በበኩሌ ከማንኛውም መቀጣጫ ይልቅ ይህን የሥራ ሰዓት ድልድል ነው የማምነው፤ የደከመ ሠራተኛ ሌሊት ላይ እንዲጠነቀቅ ከመለመን የሚያስጠነቅቀውን ሥራ ወደ ቀን ማምጣት ይሻላል።

ከዚያ ለነገ አንድ ጥያቄ ሰጧቸው። ምስር ወጥ ከ135 መውረድ ከጀመረ 2 ሰዓት ሞልቶታል፤ ሲለካ 80 ነው። ምን ታደርጋላችሁ? አንዱ «በረዶ እጨምራለሁ» አለ። ሌላዋ «አራት ሰዓት ይቀረዋል» አለች። ሁለቱም ስተዋል። የመጀመሪያው ወሰን አልፏል፤ ወይ ወዲያው ወደ 165 ፋረንሃይት ተሞቆ ለ15 ሴኮንድ ቆይቶ እንደገና በትክክል ይቀዘቅዛል፣ ወይ ይጣላል። 6 ሰዓቱ አልፎ 41 ካልደረሰ ግን ምርጫ የለም፤ ይጣላል።

መጀመሪያ የጠየቀው ወጣት አልረካም። ሲሞቅ ባክቴሪያው ከሞተ፣ ያደረውን ማፍላት ለምን አይበቃም? እትዬ ጥያቄውን ወደዱት። ፐርፍሪንጀንስ የሚያሳምመው ብዙ ሆኖ በሕይወት ሲዋጥና አንጀት ውስጥ መርዙን ሲያወጣ ስለሆነ በደንብ ማሞቅ እሱን በእርግጥም ይገድለዋል። ድስቱ ውስጥ ግን ብቻውን ላይሆን ይችላል። ከሰው እጅና አፍንጫ የሚመጣው ስታፊሎኮከስ፣ ሩዝና እህል የሚወደው ባሲለስ ሴሬውስም አሉ። እነዚህ ምግቡ ላይ እያሉ የሚተውት መርዝ አለ፤ የሚያስታውከው መርዝ በመፍላት አይጠፋም። አፍልተህ ባክቴሪያውን ትገድላለህ፣ መርዙን ግን ታቀርበዋለህ አሉት።

«አርባ ሊትር ወጥ ስጥል ባለቤቱ ቢቆጣኝስ?» አለች በመጨረሻ አንዷ፤ ሌሎቹም ይህንኑ ሊጠይቁ የፈለጉ ይመስሉ ነበር።

«አንቺ አትጥይውም፤ ለኔ ትደውይልኛለሽ። የምጥለውም ከባለቤቱ ጋር የምነጋገረውም እኔ ነኝ። ያንቺ ሥራ ቁጥሩን እንዳየሽው መጻፍ ነው፤ 80 ከሆነ 80፣ ሰዓቱን ጨምረሽ። 70 ብለሽ እንዳትጽፊልኝ ብቻ። 80 ካልሽኝ በ165 አድነዋለሁ፤ 70 ካልሽኝ ግን ነገ ሰው ይበላዋል።»