ወረፋውን የዘጋችው የጳጉሜ ቀጠሮ

ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሰኞ ረፋድ ላይ የቀጠሮ ሲስተሙን ከምንከታተልለት ክሊኒክ ካርድ ክፍል ስልክ ተደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለአንድም ታካሚ የቀጠሮ መልእክት አልደረሰም» አለችኝ ሠራተኛዋ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ ሳይ ሁሉም ነገር እየሠራ ነበር። ሰርቨሩ አልወደቀም፣ ኔትወርክ አልተቋረጠም፣ የቴክስት መላኪያው መስመርም ደህና ነበር። ወረፋው ውስጥ ግን 340 መልእክቶች ቆመዋል።

ካርድ ክፍል ቀጠሮ ሲመዘገብ ቴክስቱ እዚያው በዚያው አይላክም። የታካሚው ስልክና የቀጠሮው ቀን ያለበት አጭር መልእክት ወረፋ ውስጥ ይገባል። ሌላ ፕሮግራም ደግሞ ከፊት ከፊት እያነሳ ይልካል። እኛ የተጠቀምንበት ወረፋ የአማዞን ኤስኪውኤስ ነው። ይህ ወረፋ ፕሮግራሙ ያነሳውን መልእክት ወዲያው አይሰርዘውም፤ ለ30 ሰከንድ ብቻ ይደብቀዋል። ፕሮግራሙ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥራውን ጨርሶ «ሰርዘው» ካለው መልእክቱ ይጠፋል። ካላለው ግን ሥራው እንዳልተሠራ ተቆጥሮ መልእክቱ እንደገና ይወጣል። መብራት ቢጠፋ ወይም ፕሮግራሙ መሐል ላይ ቢሞት የታካሚው መልእክት ሳይላክ አይቀርም ማለት ነው። የመረጥነውም ለዚህ ነበር።

ያን ቀን የያዘንም ይኸው ጥበቃ ነው። የፕሮግራሙን መዝገብ ስከፍት በየ30 ሰከንዱ አንድ ዓይነት መስመር ተደርድሯል፦

```
ValueError: month must be in 1..12
```

ከወረፋው ፊት የቆመው መልእክት ቀጠሮው `2014-13-03` ይላል። ጳጉሜ 3! ፕሮግራሙን የጻፍነው እኛ የኢትዮጵያን ቀን የምንይዘው በፓይተን የቀን ዓይነት ነበር፤ ያ ደግሞ የተሠራው ለፈረንጆቹ አሥራ ሁለት ወር ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲያይ ይሞታል፣ ተነሥቶ ያንኑ መልእክት ያነሳል፣ ደግሞ ይሞታል። ሥራ የጀመርነው ኅዳር ላይ በመሆኑ እስከ ነሐሴ ድረስ ምንም አልገጠመንም፤ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ባሉት የፈረንጅ ወራት ሁሉ 30ኛ ቀን አለ። ጥቅምት ላይ ጀምረን ቢሆን ኖሮ ገና ጥቅምት 29 ላይ ይነቃ ነበር፤ ሁለተኛው የፈረንጅ ወር በ28 ያልቃልና።

በሙያው እንዲህ ያለውን መልእክት ፖይዝን ሜሴጅ፣ መርዛማ መልእክት ይሉታል። ቫይረስ የለበትም፣ ተንኮልም የለበትም። ስንት ጊዜ ቢሞከር አንባቢውን የሚጥል መልእክት ነው፣ በቃ። ምልክቱም ግልጽ ነው። ወረፋው ያድጋል፣ የሚሰረዝ የለም፣ ፕሮግራሙን አጥፍቶ ማስነሳት አንዳች አይለውጥም። ኤስኪውኤስ እያንዳንዱ መልእክት ስንት ጊዜ እንደተነሳ በ`ApproximateReceiveCount` ይቆጥራል። የዚያች የጳጉሜ ቀጠሮ ቁጥር 220 ደርሶ ነበር፤ በየ30 ሰከንዱ አንድ እያሉ ሲያሰሉት ሁለት ሰዓት ሊሞላ 10 ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው።

አንዲት መልእክት 340ውን ማገት የቻለችው ግን በሌላ ጥፋታችን ነው። ወረፋችን ቅደም ተከተል የሚጠብቀው ዓይነት፣ ፊፎ የሚሉት ነበር። በፊፎ መልእክቶች በቡድን ይከፈላሉ፤ በአንድ ቡድን ውስጥ የፊተኛው ሳያልቅ የኋለኛው አይነሳም። ሌላው ቡድን ግን መንገዱን ይቀጥላል። እኛ ሁሉንም መልእክት `sms` በሚል አንድ ቡድን አጉረናቸው ነበር። ቡድኑ የታካሚው የካርድ ቁጥር ቢሆን ኖሮ የሚቆመው የዚያ ታካሚ መልእክት ብቻ ነበር። ዝም ብለን ብንጠብቅም መፍትሔ አይሆንም። ኤስኪውኤስ ካልቀየሩት በቀር መልእክት የሚያቆየው 4 ቀን ነው። ከዚያ የጳጉሜዋ ትጠፋለች፤ ከኋላዋ የተሰለፉትም እስከዚያ ድረስ ታግተው ይቆያሉ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወረፋውን በሙሉ እናጽዳው አለ። አንዲት ትእዛዝ ናት፣ ቶሎም ትሠራለች፤ ግን 340 ሰው ቀጠሮውን ሳያውቅ ይቀራል። ስለዚህ ፕሮግራሙን አቆምነው። መልእክቷን በእጅ አንስተን ይዘቷን ፋይል ላይ ገለበጥን፣ ከዚያ እሷን ብቻ ሰረዝን። ፕሮግራሙ ሲነሳ ወረፋው መፍሰስ ጀመረ። ከመሰረዝ በፊት መገልበጡን አደራ እላለሁ፤ ያቺ መልእክት ከኋላዋ ሰው አላት።

ይህ የእጅ ሥራ በራሱ እንዲሆን የሚደረገው በሁለተኛ ወረፋ ነው። ዴድ ሌተር ኪው ይባላል። ስሙ የመጣው ከፖስታ ቤት ነው፤ ለባለቤቱም ለላኪውም ማድረስ ያልተቻለን ደብዳቤ «ሙት ደብዳቤ» ይሉት ነበር። ዋናው ወረፋ ላይ የሚጻፈው ይህን ያህል ነው፦

```
{"deadLetterTargetArn":
 "arn:aws:sqs:eu-west-1:111122223333:sms-dlq.fifo",
 "maxReceiveCount": 5}
```

አምስት ጊዜ ተነሥቶ ያልተሳካ መልእክት ወደ ጎን ይወጣል፣ ወረፋው ይቀጥላል። በ30 ሰከንድ ሲባዛ የአንዲት መርዛማ መልእክት መዘዝ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይሆናል። ቆጠራውን ወረፋው ራሱ መያዙ ትልቅ ነገር ነው። ፕሮግራሙ ቢቆጥር ሲሞት ቆጠራውም አብሮት ይሞት ነበር። የጎኑን ወረፋ የማቆያ ጊዜ እስከመጨረሻው 14 ቀን አድርገነዋል፤ አንድ መልእክት እንኳ ሲገባበት ስልካችን ይጮኻል። ማንም የማያየው የጎን ወረፋ መልእክቱን ዘግይቶ ከመጣል አይለይም።

ይህ መላ የማይሠራበት ጊዜም አለ። የቴክስት መስመሩ ራሱ ቢቋረጥ የሚወድቀው አንድ መልእክት ሳይሆን ሁሉም ነው። ያኔ ጤነኞቹ መልእክቶች አምስት አምስት ጊዜ እየተሞከሩ ተራ በተራ ወደ ጎን ይጣላሉ። አንዱ ወድቆ ተከታዩ ካለፈ ጥፋቱ የመልእክቱ ነው፤ ተከታታዩ ሁሉ ከወደቀ ጥፋቱ የመስመሩ ነው። ፕሮግራማችን አሁን መስመሩ መልስ ሲነፍገው ከወረፋው ማንሳቱን ጨርሶ ያቆማል፤ ያልተነሳ መልእክት አይቆጠርበትምና።

ቀኑን የሚያነበውን ክፍል አስተካክለን ስንጨርስ የጎኑ ወረፋ ውስጥ ሰባት የጳጉሜ ቀጠሮዎች ተከማችተው ነበር። ወደ ዋናው ወረፋ ልንመልሳቸው ስንል የካርድ ክፍሏን ሠራተኛ ዝርዝሩን አሳየናት። ጣቷን አንዱ ላይ አሳረፈችና «እኚህ እናት እኮ ወደ መስከረም 6 ተዛውረዋል፤ አዲሱ ቴክስት ትናንት ደርሷቸዋል» አለች። ቅደም ተከተል የሚጠብቅ ወረፋ አንድ መልእክት ወደ ጎን ከወጣበት በኋላ ለዚያ መልእክት ቅደም ተከተሉን አይጠብቅም። አሮጌውን ብንመልሰው ከአዲሱ በኋላ ይደርሳቸውና በጳጉሜ 3 መጥተው በር ላይ ይቆሙ ነበር። ስድስቱን መለስን፤ የእሳቸውን ተውነው።