ጥቂት ቃል ያለባቸውን ስላይዶች ወደ ሙሉ ገለጻ ማስፋፋት

አንድን ረጅም ጽሑፍ አሳጥሮ መጻፍ ምን እንደሆነ ከዚህ በፊት ተምራችኋል። በዚህ ክፍል የምንመለከተው የዚያን ተቃራኒ ነው። አንድ ሰው በኮምፒዩተር ያዘጋጃቸው፣ በግድግዳ ላይ እየታዩ የሚያልፉ ስድስት ስላይዶች አሉ እንበል። ስላይዶቹ በፎቶግራፍ የተሞሉ ናቸው፤ በሁሉም ላይ የሚገኘው ጽሑፍ ቢደመር አራት ቃላትና አንድ ቁጥር ብቻ ነው። አዘጋጁ ራሱ ቆሞ በሚናገርበት ጊዜ ይህ ምንም ችግር አያመጣም፤ የጎደለውን በአንደበቱ ይሞላዋልና። ነገር ግን ስላይዶቹ እርሱ ወደሌለበት ክፍል ሲላኩ፣ ወይም ድምፅ ተቀርጾላቸው እንዲቀርቡ ሲፈለግ፣ በአንደበት ይነገር የነበረው ሁሉ በጽሑፍ መዘጋጀት ይኖርበታል።

ለምሳሌ የምንወስደው የታጠበ ቡና አዘገጃጀትን የሚያሳይ የስላይድ ስብስብ ነው። ይህ ሥራ በሲዳማ፣ በይርጋ ጨፌና በሌሎችም ቡና አብቃይ አካባቢዎች በየዓመቱ በመከር ወራት ይከናወናል። በመጀመሪያው ስላይድ ላይ በእጅ የተያዘ ቀይ እሸት ቡና ይታያል፤ ከሥሩም «ቀይ ብቻ» ተብሎ ተጽፏል። በሁለተኛው ላይ የቡና መፈልፈያ ማሽን አለ፤ ጽሑፉ «በዕለቱ» የሚል ነው። ሦስተኛው ስላይድ በተፈለፈለ ቡና የተሞላ የሲሚንቶ ገንዳ ያሳያል፤ ቃል የለበትም። በአራተኛው ላይ ሁለት እጆች የቡና ፍሬ ያሻሉ፤ «ጠጠር» ይላል። በአምስተኛው ላይ ሴቶች ከመሬት ከፍ ባሉ ረጃጅም አልጋዎች ዙሪያ ቆመው ይታያሉ፤ ቃል የለበትም። ስድስተኛው ባዶ ነጭ ሆኖ በመካከሉ «12%» ብቻ ይነበብበታል።

አሁን አንድ ተማሪ እነዚህን ስላይዶች ተመልክቶ የጻፈውን ገለጻ አንብቡ።

«በመጀመሪያው ሥዕል ላይ እጅ ይታያል። በእጁ ላይ ቀይ ቡና አለ። ከዚያም ማሽን ይታያል። ከዚያም ቡናው በገንዳ ውስጥ ይታጠባል። ከዚያም ሰው ቡናውን በእጁ ይነካል። ከዚያም በአልጋ ላይ ይሰጣል። በመጨረሻም 12 በመቶ ይሆናል።»

የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ይሁን እንጂ ይህን የሚሰማ ሰው ስላይዶቹን ብቻ ከተመለከተ ሰው የበለጠ የሚያውቀው ነገር የለም። እጅ መኖሩን፣ ማሽን መኖሩን ዐይኑ ነግሮታል። ገለጻ የሚያስፈልገው ፎቶግራፉ ሊናገር ለማይችለው ነገር ነው። ፎቶግራፍ አንዲትን ቅጽበት ይዞ ያቆማል እንጂ ነገሩ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ፣ ለምን እንደሚደረግና ባይደረግ ምን እንደሚከተል አያሳይም። ስለዚህ ብዕራችሁን ከማንሳታችሁ በፊት እያንዳንዱን ስላይድ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁት፤ መልሱን ከስላይዱ ካላገኛችሁት ከአዘጋጁ ወይም ሥራውን ከሚያውቅ ሰው ፈልጉት።

በመጀመሪያው ስላይድ እንጀምር። ቀይ ብቻ የሚለቀመው ለምንድን ነው? ለመልክ ማማር አይደለም። የቡና ፍሬ ሲበስል ሥጋው ስለሚላላ ማሽኑ በቀላሉ ይልጠዋል። ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ ግን ሥጋው ከውስጡ ጋር የተጣበቀ በመሆኑ ወይ ሳይፈለፈል ያልፋል፣ ወይም በማሽኑ ይሰነጠቃል። እንግዲህ የመጀመሪያው ስላይድ ምክንያት የሚገኘው በሁለተኛው ስላይድ ላይ ነው ማለት ነው። «በዕለቱ» የሚለውም እንዲሁ ነው። የተለቀመ እሸት ቡና በጆንያ ውስጥ ካደረ ይሞቃል፤ በሥጋው ውስጥ ያለው ስኳርም ማንም ሳይቆጣጠረው መብላላት ይጀምራል። በዚህም ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት።

ከዚህ እንደምታዩት ሁለቱን ስላይዶች ያገናኛቸው «ከዚያም» የሚለው ቃል አይደለም። «ከዚያም» ጊዜን ብቻ ያስከትላል፤ አንድ ነገር ከሌላው በኋላ መምጣቱን እንጂ ከሌላው የተነሣ መምጣቱን አይገልጽም። ምክንያትን የሚያያይዙት «ስለ»፣ «ስለዚህ» እና «እንዳይ» የመሳሰሉት ናቸው። ሁለቱን ስላይዶች በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ልናያይዛቸው እንችላለን፦ «ማሽኑ ሥጋውን ሲልጥ ፍሬውን እንዳይሰነጥቀው፣ ለቃሚዎች የበሰለውን ቀይ ቡና ብቻ መርጠው ይለቅማሉ።» በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማሽኑ የተጠቀሰው ስላይዱ ከመታየቱ በፊት ነው። ስለዚህም ሁለተኛው ስላይድ ሲመጣ አድማጩ ምን እንደሚመለከት ያውቃል።

የማሰሪያ አንቀጹንም ልብ በሉ። «ይለቅማሉ» ተብሏል እንጂ «ለቀሙ» አልተባለም። «ለቀሙ» ቢባል በፎቶግራፉ ላይ የሚታዩት ሰዎች በዚያች ቀን ያደረጉትን ብቻ ይናገራል። ስብስቡ የሚያስረዳው ግን ሁልጊዜ የሚሠራበትን መንገድ ነው። ተማሪዎች ፎቶግራፍ ፊት ለፊታቸው ሲኖር ወደ ኃላፊ ጊዜ መሳብ ይቀናቸዋል፤ ለዚህ ተጠንቀቁ።

ሦስተኛው ስላይድ ከሁሉም ይበልጥ አሳሳች ነው። በማስተምርበት ጊዜ ይህን የመሰለ ፎቶግራፍ ለክፍሌ አሳይቼ ነበር። አብዛኞቹ ተማሪዎች ከላይ እንዳነበባችሁት ሁሉ «ቡናው በገንዳ ውስጥ ይታጠባል» ብለው ጻፉ። እኔም ራሴ እንደዚያው መስሎኝ ትክክል ነው ልል ስል፣ አባቷ በቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚሠራ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ እዚያ ገንዳ ውስጥ ቡናው አይታጠብም፤ ተኝቶ ነው የሚያድረው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። በገንዳው ውስጥ የሚሆነው ነገር ሁሉ ዝም ብሎ የሚሆን ስለሆነ ፎቶግራፉ ምንም ሊያሳይ አልቻለም። የዚያን ዕለት የተማርሁት እኔ ነኝ። ገለጻውን እንደ ተጻፈው ተከትሎ የሚሠራ ሰው ቢኖር ቡናውን ወደ ገንዳ አስገብቶ ወዲያው ያጥበው ነበር፤ ሽፋኑ ያልለቀቀ ፍሬም በአልጋ ላይ ቶሎ ሳይደርቅ ይቆይና ይሻግታል።

በአራተኛው ስላይድ ላይ ያለው «ጠጠር» የሚለው ቃልም ብቻውን ሲቆም ለሁለት ትርጉም የተጋለጠ ነው። ያላወቀ ሰው በቡናው ውስጥ የተገኘ ባዕድ ነገር ይመስለዋል። አዘጋጁ ግን የጻፈው ፍሬው ሲታሽ የሚሰማውን ድምፅና በእጅ ላይ የሚኖረውን ሻካራነት ለማመልከት ነው። አንዲትን ቃል ስታስፋፉ የትኛው ትርጓሜ እንደታሰበ ካልተረጋገጠ፣ ገለጻው በረዘመ ቁጥር ስሕተቱም አብሮ ይረዝማል።

ሁለቱን ስላይዶች አንድ ላይ ወስደን ብናስፋፋቸው ይህን ይመስላሉ፦

«ከማሽኑ የወጣው ፍሬ ሥጋው ቢላጥም፣ በላዩ ላይ ማር የመሰለ ዝልግልግ ሽፋን ይቀርበታል። ይህ ሽፋን በውሃ ብቻ በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ ፍሬው በገንዳ ውስጥ ተከማችቶ እንዲብላላ ከ24 እስከ 48 ሰዓት፣ አየሩ በሚቀዘቅዝበት ደጋ ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል። በዚህ ጊዜ በዐይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ሽፋኑን እያላሉ ያሟሙታል። ሰዓቱ ሲቃረብ ሠራተኛው አንድ እፍኝ ፍሬ ከገንዳው አውጥቶ፣ በውሃ ለቅለቅ አድርጎ በመዳፎቹ መካከል ያሸዋል። ፍሬው የሚያዳልጥ ከሆነ ጊዜው ገና ነው። እንደ ጠጠር ሻክሮ ሲንቀጫቀጭ ግን ሽፋኑ ለቅቋልና ሳይዘገይ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ከዚህ በላይ ቢቆይ ቡናው ይኮመጥጣል፤ መጥፎ ሽታም ያመጣል።»

አንዲት ቃል ብቻ የነበረባቸው ሁለት ስላይዶች አሁን አንድ ሙሉ አንቀጽ ሆነዋል። በአንቀጹ ውስጥ «እዚህ ላይ እንደምታዩት» ወይም «ይህኛው» የሚል አመልካች አለመኖሩንም አስተውሉ። የተቀረጸ ድምፅ ጣት የለውም። ስለዚህ የምትጠቁሙትን ነገር በስሙ ጥሩት።

ስድስተኛው ስላይድ ላይ ያለው ቁጥር ሌላ ጉዳይ ነው። 12 በመቶ የምን? ይህ ካልተነገረ ቁጥሩ ባዶ ነው። ቁጥሩ በቡናው ውስጥ የሚቀረውን እርጥበት ይመለከታል፤ ይኸውም ከ100 ኪሎ ግራም ቡና ውስጥ ውሃው ከ12 ኪሎ ግራም መብለጥ የለበትም ማለት ነው። ከታጠበ በኋላ ወደ አልጋው ሲወጣ ግን የክብደቱ ግማሽ ያህል ውሃ ነበር። እርጥበቱ ከዚህ መጠን ከበለጠ ቡናው በመጋዘን ውስጥ ይሻግታል፤ ከ10 በመቶ እጅግ ዝቅ ካለ ደግሞ ፍሬው ይሰባበራል፣ ክብደቱም በከንቱ ይጎድላል። ቁጥርን ስታስፋፉ የምን ቁጥር እንደሆነ፣ ከስንት ተነሥቶ እንደደረሰ፣ ቢበልጥና ቢያንስ ምን እንደሚሆን ተናገሩ።

ማስፋፋት ሲባል ግን ያሻንን መጨመር አይደለም። በአምስተኛው ስላይድ ላይ ሴቶቹን የተመለከተ አንድ ጸሐፊ «እየዘፈኑ በደስታ ይሠራሉ» ብሎ ቢጽፍ፣ ይህን የነገረው ማን ነው? ፎቶግራፉ ዘፈን አያሰማም። ደስታቸውንም ሆነ ድካማቸውን አላረጋገጥንም። እንዲህ ያለው ጭማሪ ለጆሮ ስለሚጥም ከሌላው ስሕተት ይልቅ ሳይታወቅ ያልፋል።

ርዝመቱን በሚመለከት፣ ለስድስቱም ስላይዶች እኩል ቃል ማደል አያስፈልግም። በእኔ አስተያየት ሦስተኛውና አራተኛው ከሌሎቹ የበለጠ ቦታ ቢወስዱ ተገቢ ነው፤ ሁለተኛው በሁለት ዓረፍተ ነገር ሊያልፍ ይችላል። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሰዓት ይዛችሁ ጮክ ብላችሁ፣ ሳትቸኩሉ አንብቡ። አንዱ ስላይድ ከአንድ ደቂቃ በላይ ቆሞ ከቀረ የተመልካቹ ዐይን ይሰለቻል፤ ያን ጊዜ ወይ ገለጻውን ቀንሱ ወይም አዘጋጁ ሁለተኛ ፎቶግራፍ እንዲጨምር ጠይቁ።

መልመጃ፦ አምስተኛውን ስላይድ ሆን ብለን አልሠራነውም። የሚከተለውን መረጃ ተጠቅማችሁ ገለጻውን ጻፉ። የማድረቂያው አልጋ ከመሬት ከፍ የሚለው አየር ከታችም እንዲገባ ነው። ቡናው ከ8 እስከ 15 ቀን ያህል ይሰጣል፤ ቶሎ ቶሎ ይገላበጣል። በቀትር ፀሐይ ቅርፊቱ እንዳይሰነጠቅ፣ ሌሊት ደግሞ ጤዛ እንዳይመታው ይሸፈናል። ሴቶቹ በአልጋው ዙሪያ የቆሙት የተሰባበረውንና የተበላሸውን ፍሬ ለይተው ለማውጣት ነው። ገለጻችሁ ከአራተኛው ስላይድ ተነሥቶ ወደ ስድስተኛው እንዲያደርስ አድርጉ፤ «ከዚያም» የሚለውን ቃል ከአንድ ጊዜ በላይ አትጠቀሙ።